ገጀራ አመራረጥ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፦ ርዝመት፣ ቅርጽና ውፍረት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ)

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ገጀራዎች አስቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ከሱቅ የተገዛ ነው፤ በፋብሪካ ከብረት ዝርግ የተቆረጠ ሲሆን ስለቱ 45 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ደንደሱ ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ሁለተኛው የአገር ቤት ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሠራው ነው፤ ርዝመቱ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱን በእጃችሁ እየተቀባበላችሁ እንድትመዝኗቸው እጠይቃለሁ። ብዙዎቻችሁ ሁለተኛውን «ከባድ፣ ስለዚህም ጠንካራ» እንደምትሉት፣ የመጀመሪያውን ደግሞ «ረጅም፣ ስለዚህም የሚሻል» እንደምትሉት ከልምድ አውቃለሁ። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ሁለቱም ፍርዶች ለምን እንደሚያሳስቱ ማስረዳት ነው።

ጉዳዩን በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ማለትም በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወስኜዋለሁ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከጉና ተራራ አናት ተነሥቶ በእስቴና በላይ ጋይንት ደጋ በኩል አልፎ በስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው፣ በአንድ አቅጣጫ ጉዞ ብቻ ውርጭን፣ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን ያቋርጣል። የሚቆረጠውም ነገር አብሮ ይለወጣል። በላይ የባሕር ዛፍ ችፍግ አለ፤ በመካከል የአጋም፣ የቀጋና የክትክታ ቁጥቋጦ አለ፤ በታች ደግሞ የማሽላ አገዳና ግራር አለ። ስለዚህ «ጥሩ ገጀራ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር «ለየትኛው ከፍታ፣ ለየትኛው ግንድ?» ከሚለው ተለይቶ ሊመለስ አይችልም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስታውስ። የዚህ አካባቢ ገበሬ ዋና የመቁረጫ መሣሪያዎች ማጭድና ምሳር ናቸው። እህልና ሣር በማጭድ ይታጨዳል፤ ከሰው ክንድ የሚወፍር እንጨት በምሳር ይቆረጣል። ገጀራ ሥራ የሚያገኘው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ለማጭድ የጠነከረ፣ ለምሳር የቀጠነ ነገር ሲገጥም። በግምት ከአውራ ጣት ውፍረት ጀምሮ እስከ እጅ አንጓ ድረስ ያለው የገጀራ ድርሻ ነው። ከዚያ በላይ የሚሆነውን በገጀራ እቆርጣለሁ የሚል ሰው የሚያባክነው የራሱን ጉልበት ነው።

ክብደትና ርዝመት

አሁን ወደ ሁለቱ ገጀራዎች እንመለስ። የአረብ ብረት አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወደ 7.85 ግራም ይመዝናል። የረጅሙ ስለት ይዘት 45 በ5 በ0.2፣ ማለትም 45 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ክብደቱ ወደ 353 ግራም ነው። የአጭሩ ይዘት 35 በ5.5 በ0.4፣ ማለትም 77 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ክብደቱ ወደ 604 ግራም ይደርሳል። በሚዛን ብንሄድ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በሰባ በመቶ ገደማ ይበልጣል።

ነገር ግን ገጀራ አይሸከሙትም፤ ይወዘውዙታል። ሲወዘወዝ የሚሰማን ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከእጃችን ምን ያህል እንደራቀ ጭምር ነው፤ ርቀቱም በራሱ ተባዝቶ ይቆጠራል። ወጥ ስፋትና ውፍረት ያለው ስለት በእጀታው በኩል ሲዞር፣ ለመዞር የሚያሳየው እምቢታ የክብደቱና የርዝመቱ ካሬ ብዜት ሲሦ ነው። ለረጅሙ 0.353 በ0.45 ካሬ ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 0.024 ገደማ ይሆናል። ለአጭሩ 0.604 በ0.35 ካሬ ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 0.025 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሚዛን ላይ እጅግ የተራራቁት ሁለቱ ገጀራዎች ለሚወዘውዛቸው ክንድ እኩል ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ገበያ ላይ ገጀራውን መዳፍ ላይ አድርጎ መመዘን ብዙ አይነግረንም፤ እጀታውን ይዞ ሁለት ሦስት ጊዜ በአየር ላይ ወዝውዞ ማቆም ግን ብዙ ይነግረናል። ለማቆም የሚያስቸግር ገጀራ ግማሽ ቀን ሲሠሩበት ክንድ ያዝላል።

እንግዲህ እኩል ድካም የሚጠይቁ ከሆነ ልዩነታቸው የት ላይ ነው? በእኩል ፍጥነት ሲዞሩ የረጅሙ ጫፍ ከአጭሩ ጫፍ ከሩብ በሚበልጥ ይፈጥናል። ረጅሙ ጉልበቱን በፍጥነት ይዞ ይመጣል፤ አጭሩ ያንኑ ጉልበት በክብደት ይዞ ይመጣል። ይህ ልዩነት ትርጉም የሚኖረው የሚቆረጠው ነገር ምን እንደሆነ ስናውቅ ነው።

በስማዳና በታች ጋይንት ቆላ፣ የማሽላው ዘለላ ከተቀነጠሰ በኋላ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይቆረጣል። የቆመ አገዳ ከሥሩ በቀር ደጋፊ የለውም። በዝግታ ሲመቱት ጎንበስ ብሎ ያመልጣል፤ የሚቆረጠው ስለቱ አገዳው ለመጉበጥ ጊዜ ከማግኘቱ በፊት ሲደርስበት ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው ፍጥነትና ቅጥነት ነው፤ ባለ 45 ሴንቲ ሜትሩ ስስ ገጀራ ቦታው ይህ ነው። በላቲን አሜሪካ የሸንኮራ አገዳና የሣር መሬቶችም ገበሬው ረጅምና ስስ ገጀራ የለመደው፣ በማሌይ አገሮች ደግሞ እንጨታም ጫካ የሚመነጥረው ሰው አጭርና ወፍራም ፓራንግ የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው። የአሜሪካው ኮሊንስ ኩባንያ ከ1826 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በኮኔቲከት ሲሠራ ብዙ ዓይነት የገጀራ ቅርጾችን ያመርት የነበረው ገዢዎቹ የተለያየ ዕፅዋት ስለሚቆርጡ ነው።

ለርዝመት ግን የመሬቱ አቀማመጥ ወሰን ያበጅለታል። የእኛ መሬት ዳገታማና ድንጋያማ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ወይም እርከን ሥር ቆሞ ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው፣ የገጀራው ጫፍ ከግንዱ አልፎ በላይኛው በኩል ያለውን አፈርና ድንጋይ ይመታል። በሜዳ ላይ ጥቅም የነበረው 10 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ርዝመት በዳገት ላይ ድንጋይ መፈለጊያ ይሆናል። ያገለገለን ገጀራ ብትመለከቱ ጫፉ ብቻ ተሸርፎ መካከሉ ደኅና ከሆነ፣ ገጀራው ለዚያ መሬት ረዝሟል ማለት ነው።

ውፍረት

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ፣ በላይ ጋይንትና በእስቴ ደጋ የማገዶም የጥሬ ገንዘብም ምንጭ ሆኗል። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ብዙ ችፍግ ያወጣል። ሁሉም እንዲያድጉ ከተተዉ ሁሉም ቀጭን ሆነው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ከአንድ ጉቶ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጥሩ ቀጥ ያሉትን አስቀርቶ ሌሎቹን ማሳሳት ያስፈልጋል። የሚወገደው ችፍግ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ይህም በትክክል የገጀራ ሥራ ነው።

የዚህ ሥራ አደጋ የሚደርሰው በሠራተኛው ላይ ብቻ ሳይሆን በጉቶውም ላይ ነው። ችፍጉ ከጉቶው ጋር የተያያዘው በቅርፊቱ አጠገብ ነው። ስለቱ ሲመታ ወደ ጎን የሚታጠፍ ከሆነ፣ ወይም ዶልዷማ ከሆነ፣ ችፍጉ ከመቆረጥ ይልቅ ይገነጠላል፤ ሲገነጠልም የጉቶውን ቅርፊት ልጦ ይሄዳል፣ እንዲቀሩ የተመረጡትንም ችፍጎች መሠረታቸውን ያናጋል። የሚቀጥለው ምርት የሚጎዳው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ እዚህ የሚፈለገው ስለቱ ወደ ጎን እንዳይታጠፍ ነው። ይህን የሚወስነው ከሁሉ በላይ ውፍረት ነው። የዝርግ ብረት ግትርነት ከስፋቱ ጋር በቀጥታ፣ ከውፍረቱ ጋር ግን በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ይጨምራል፤ ከርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ደግሞ በተቃራኒው ይቀንሳል። በሁለቱ ገጀራዎቻችን ላይ እናስላው። ውፍረቱ ከ2 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ግትርነቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ርዝመቱ ከ45 ወደ 35 ሲያጥር ወደ 2.1 እጥፍ ይጨምራል። ስፋቱ ደግሞ 1.1 እጥፍ ይሰጠናል። ሲባዙ ከ18 እጥፍ በላይ ይሆናል። ክንዳችን እኩል የቆጠራቸው ሁለት ገጀራዎች ወደ ጎን ለመታጠፍ ባላቸው እምቢታ በ18 እጥፍ ይለያያሉ ማለት ነው። ስሱ ገጀራ ደረቅ ወይራን ወይም የግራር አንጓን ሲመታ የሚንቀጠቀጠው፣ አንዳንዴም ጠማዘዝ ብሎ ወደ ሠራተኛው ቅልጥም የሚንሸራተተው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ወፍራሙን አንመርጥም? ገጀራ ሽብልቅ ስለሆነ ነው። ወደ እንጨቱ ሲገባ እንጨቱን ግራና ቀኝ ገፍቶ መክፈት አለበት፤ የሚከፍተውም በውፍረቱ ልክ ነው። ለስላሳ አገዳ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አገዳውን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። እንጨት ላይ ደግሞ ደንደሱ ሳይሳሳ ድንገት ወደ ስለት የሚወርድ ከሆነ ገጀራው ሁለት ጣት ገብቶ ይነክሳል፣ ለመንቀል ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ወፍራም ገጀራ ስትገዙ ውፍረቱን በደንደሱ ላይ ብቻ አትዩ። ከስለቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ በሁለት ጣት ዳስሱት፤ ከዚያ ላይ ግልጽ ሆኖ መሳሳት አለበት። የስለቱ ሁለት ፊቶች የሚገናኙበት ማዕዘን ለአገዳና ለለምለም ነገር በ25 ዲግሪ አካባቢ፣ ለእንጨት በ35 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ የጠበበ በእንጨት ላይ ይሸረፋል፤ ከዚህ የሰፋ ይነጠራል።

ውፍረት ሥራውን የሚሠራው ብረቱ ብረት ከሆነ ብቻ መሆኑንም መርሳት የለብንም። የባሌስትራ ብረት ከመቶ 0.6 እጅ ገደማ ካርቦን ስላለው ግሎ ሲጠጣ ይጠነክራል። ለግንባታ የሚውለው ተራ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ቀጥቃጩ የቱንም ያህል ቢያጠጣው ስለት አይዝም። ለይቶ ለማወቅ ሞረድ ይበቃል። ሞረዱ ስለቱን እንደ ሳሙና ከበላው ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ምንም ሳይነክስ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ ከመጠን በላይ ጠንክሯል፣ ድንጋይ ሲነካ ይሸረፋል። ጥሩው ሞረዱ እየታገለ የሚነክሰው ነው፤ ምክንያቱም ገበሬው ማሳው ዳር ተቀምጦ ራሱ ሊስለው የሚችለው እርሱ ነው። ስሱን ገጀራ ደግሞ ጫፉን እንጨት ላይ አስደግፎ ጥቂት ማጉበጥና መልቀቅ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ደኅና፣ ጎብጦ ከቀረ ደግሞ ላሜራ እንጂ ገጀራ አይደለም።

ቅርጽ

ሦስተኛው ጉዳይ ቅርጽ ነው፤ በገበያ ላይ ዓይን የሚስበው እርሱ ቢሆንም በመጨረሻ የሚታይ ነው። ቅርጽ የሚወስነው ክብደቱ የት እንደሚቀመጥ ነው። ወጥ በሆነ ቀጥ ያለ ስለት ላይ፣ ብንመታበት እጃችንን የማያነዝር ቦታ ከእጀታው ሁለት ሦስተኛ ያህል ርቆ ይገኛል፤ በረጅሙ ገጀራ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በአጭሩ 23 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ከዚያ ወደ ጫፍ ወይም ወደ እጀታ ርቆ የሚመታ ሰው መዳፉ ይነዝራል። ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ ገጀራ፣ እንደ ምሥራቅ አፍሪካው ፓንጋ ያለው፣ ይህን ቦታ ወደ ጫፉ ይገፋዋል፤ ምቱንም ያከብደዋል። ዋጋው ግን አለ። 100 ግራም ብረት ከእጀታው 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሚቀመጥ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ ያ ቁራጭ ለመወዝወዝ የሚያሳየው እምቢታ 9 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሰፊ ጫፍ በአጭር ስለት ላይ ጥቅም ነው፤ በረጅም ስለት ላይ ሸክም ነው።

አጋምና ቀጋ ግን የተለየ ቅርጽ ይጠይቃሉ። ለአጥር እሾህ የሚቆርጥ ሰው ችግሩ የግንዱ ጥንካሬ ሳይሆን እጁን ወደ ግንዱ ማስጠጋት አለመቻሉ ነው። ብዙ ሰው መፍትሔው ረጅም ገጀራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ረጅሙ ስለት ወደ ግንዱ ሳይደርስ በቅርንጫፎቹ ይያዛል። እዚህ መርዘም ያለበት እጀታው ነው እንጂ ስለቱ አይደለም። ወደ ውስጥ የቆለመመ አጭር ስለት በረጅም እንጨት ላይ ሲታሰር፣ ግንዱን ከሥሩ ይዞ ወደ ራስ በመሳብ ይቆርጣል፤ ድንጋይም ቢያገኝ የሚነካው በጀርባው ነው። ጉድለቱ በአገዳና በሜዳ ሥራ የማይመች መሆኑና የቆለመመውን ውስጠኛ ስለት ለመሳል ክብ ሞረድ መፈለጉ ነው።

ከተሳታፊዎች የቀረበ ጥያቄ

ተማሪ፦ መምህር፣ አንድ ገበሬ ሦስት ገጀራ ሊገዛ አይችልም። አንድ ብቻ ይግዛ ቢባል የትኛውን ይመክራሉ?

መልስ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። ለአንድ ብቻ ከሆነ 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋና 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ጫፉ በጥቂቱ ብቻ የሰፋ ገጀራ ነው የምመክረው። ስሌቱን እንሥራው። ክብደቱ ወደ 471 ግራም ነው፤ ለመወዝወዝ የሚያሳየው እምቢታ 0.025፣ ማለትም ከሁለቱም ከእነዚህ ጋር እኩል ነው። ግትርነቱ ግን ከስሱ ረጅም ገጀራ ወደ 5 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። አገዳም ይቆርጣል፣ የባሕር ዛፍ ችፍግም ያሳሳል። የስማዳ ቆላ ሰው ከዚህ ላይ ውፍረት ይቀንስ፣ የእስቴና የላይ ጋይንት ደጋ ሰው ደግሞ ርዝመት ይቀንስ። እሾህ ለሚቆርጥ ግን ይህም አይሆነውም፤ እርሱ ቆልማማውን ለብቻ ያሠራ።

በዚሁ ገጀራ ችፍግ ሲሳሳ ሁለት ነገር ይጠበቅ። ምቱ ከታች ወደ ላይ ሰያፍ ይሁን፤ ከላይ ወደ ታች የወረደ ምት ጉቶውን ይሰነጥቃል። ቆራጩም ከግንዱ ጎን ይቁም፤ በቁልቁለት በታች በኩል አይቁም። ገጀራው ቢስት የሚሄድበት አቅጣጫ የሰው እግር የሌለበት መሆን አለበት።